የፊውቸርስ ዋጋ ትንበያ አይደለም

«የስድስት ወሩ የነዳጅ ፊውቸርስ ከዛሬው ዋጋ ከበለጠ፣ ገበያው ነዳጅ ሊወደድ ነው እያለ ነው አይደል?»

አይደለም። ፊውቸርስ ዛሬ በተቆረጠ ዋጋ ወደፊት ለመረካከብ የሚገባ ውል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ልዩነቱ በአብዛኛው የማቆያ ወጪ ነው።

አንድ በርሜል ድፍድፍ ዛሬ 60 ዶላር ነው እንበል። የዴፖ ኪራይ በወር 50 ሳንቲም ቢሆን ለስድስት ወር 3 ዶላር ይሆናል። ገንዘቡን በዓመት 6 በመቶ ከተበደርነው ወለዱ 1.80 ነው። ድምሩ 64.80 ዶላር።

ፊውቸርሱ 68 ቢሆንስ? ነጋዴው ተበድሮ ይገዛል፣ ዴፖ ያስገባል፣ በዚያው ቀን የስድስት ወሩን ውል በ68 ይሸጣል። ነዳጅ ወጣም ወረደም 3.20 ዶላር በእጁ ነው። ሌሎችም ይሻሙበታልና ክፍተቱ ቶሎ ይጠብባል።

ወደ ታች ግን እንዲህ አይሠራም። ውሉ 62 ቢሆን፣ ዛሬ ሸጦ በውል መልሶ መግዛት የሚችለው በዋናነት ነዳጁ በእጁ ያለ ሰው ነው። ማጣሪያ ፋብሪካ ደግሞ ሥራው እንዳይቆም ክምችቱን አይለቅም። ስለዚህ ዋጋው ከ64.80 በታች ሊቆይ ይችላል።

ሌላው ገደብ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ውል ነዳጅ በሚረከብባት በኦክላሆማዋ ኩሺንግ የሚከራይ ዴፖ ጠፋ። በሜይ ነዳጅ ለመረከብ የሚያስገድደውን ውል የያዙ ማስቀመጫ ስላጡ፣ የሜይ ውል ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ላይ ዘጋ፤ የጁን ውል ግን ከ20 ዶላር በላይ ነበር።