የዶላሩን ልዩነት ማን ከፈለው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለመንግሥት አይደለም። ለእናንተ ነው። ለነጋዴው፣ ለላኪው፣ ውጭ አገር ዘመድ ላለው፣ ጥቂት ብር ባንክ ላስቀመጠው ሁሉ ነው። ስለ ውጭ ምንዛሪ ስናወራ ሁልጊዜ ጥፋቱን ወደ አንድ ቢሮ እናሻግራለን። ቢሮው ጥፋት አልነበረበትም አልልም፣ ነበረበት። ግን እኛም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቁጭ ብለን ስንበላና ስንበላላ ኖረናል። ይህን ፊት ለፊት መነጋገር አለብን።

ምንዛሪው ለገበያ እስከተለቀቀበት እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ የነበረውን አስታውሱ። ባንክ ቤት አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይቆረጣል። ጥቁር ገበያ ላይ ደግሞ ከ110 ብር በላይ ነበር። በባንኩ ዋጋ ዶላር ለማግኘት ኤልሲ የሚባለውን የባንክ የክፍያ ዋስትና ለመክፈት ተመዝግቦ ወረፋ መጠበቅ ነው። ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ቅድሚያ ያገኛሉ፣ ሌላው ወራት ይጠብቃል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ ደግሞ 38 የዕቃ ዓይነቶች ጭራሽ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተከለከሉ። ብዙዎቻችን ያኔ «ዶላር በ57 ብር ርካሽ ነው፣ ችግሩ አለመገኘቱ ነው» እንል ነበር። ርካሽ አልነበረም። ልዩነቱን የሚከፍል ሰው ነበረ። ማን እንደከፈለው በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

አንድ ቡና ላኪ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ያቀረብኳቸው እኔ ነኝ፣ ደንቡ ግን የነበረው ነው። ከ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ላኪ ከሚያመጣው ዶላር 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ፣ 10 በመቶውን ለራሱ ባንክ በመደበኛው ዋጋ እንዲሸጥ ይገደድ ነበር። ለራሱ የሚቀርለት 20 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ ላኪያችን የ100,000 ዶላር ቡና ሸጠ እንበል። በ57 ብር ሲመታ 5.7 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህን ቡና ግን ከአቅራቢው የገዛው በ6.3 ሚሊዮን ነው። በወረቀት ላይ 600 ሺህ ብር ከሠረ። «ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?» ትላላችሁ። ጤነኛ ነው። ምክንያቱም 20,000 ዶላር እጁ ላይ ቀርቷል። በዚህ ዶላር የመኪና ጎማ ያስመጣል። ዶላሩ የቆመበት በ57 ብር፣ ማለትም በ1.14 ሚሊዮን ብር ነው። ጎማውን ዋጋ የሚያወጣለት ግን በጥቁር ገበያው 115 ብር ነው፣ ማለትም ቀረጥና ማጓጓዣን ሳንቆጥር 2.3 ሚሊዮን። ከጎማው 1.16 ሚሊዮን ብር አገኘ። የቡናውን ኪሳራ ሲቀንሱለት 560 ሺህ ብር ንጹሕ ትርፍ ቀረለት።

አሁን ጠይቁ። ያቺ 1.16 ሚሊዮን ከየት መጣች? ጎማውን ከገዛው ሚኒባስ ባለቤት ነው። እሱ ደግሞ ታሪፍ ላይ ጫነው። ታሪፉን የከፈለው ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄደው ሠራተኛ ነው። ጎማውን ያመጣው ዶላር የተገዛው በ57 ብር ሆኖ ሳለ፣ ተሳፋሪው የከፈለው በ115 ነው።

ቡና ብቻ አልነበረም። ሰሊጡም ጥራጥሬውም እንዲሁ በኪሳራ ተልኳል። ጉዳቱ ደግሞ በእኛ ዋጋ ላይ አያበቃም። ሥራው ቡና መላክ ብቻ የሆነ፣ ምንም ዕቃ የማያስመጣ ሰው ከዚህ ጋር መወዳደር አይችልም። ቡናውን በእውነተኛ ዋጋው መግዛት ቢፈልግ አቅራቢው «እገሌ የበለጠ ይከፍለኛል» ይለዋል። እንዲህ እያለ ሙያውን የሚያውቀው ሰው ከገበያ ይወጣል፣ ቡናን እንደ ዶላር ማምጫ ብቻ የሚያየው ይቆያል።

እናንተ ይህን የሠራችሁ ነጋዴዎች «መንግሥት አስገደደን» ትላላችሁ። ደንቡን ያወጣችሁት እናንተ አይደላችሁም፣ እውነት ነው። ማሽኑ በአንዲት መለዋወጫ ምክንያት የቆመበት፣ ሠራተኞቹን የበተነ ፋብሪካ ባለቤት ወደ ጥቁር ገበያ ቢሄድ ምን እንደምለው ይቸግረኛል። ግን እሱና በባንኩ ዋጋ ዶላር አግኝቶ በጥቁር ገበያ ዋጋ የሸጠው ሰው እኩል አይደሉም። ሁለተኛው አልተገደደም። የደሃውን ልዩነት ኪሱ ከተተ። በዚያ ላይ ኤልሲ ለማስፈቀድ ከጠረጴዛ ሥር የሰጠውን «ኮሚሽን» ሳይቀር ዕቃው ላይ ደመረው። እኛም «ጎበዝ ነጋዴ» ብለን አከበርነው።

ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ያደረግነው ደግሞ የባሰ ነው። በመጀመሪያው ቀን ባንኮች ዶላሩን ወደ 75 ብር አካባቢ አወጡት። ነሐሴ 1 ቀን ብሔራዊ ባንክ ባካሄደው ጨረታ አማካዩ 108 ብር ሊሞላ ጥቂት ሳንቲም ቀረው። በዚያው ሰሞን ሱቅ ውስጥ ቆሞ የነበረ ዕቃ በአንድ ሌሊት ዋጋው ጨመረ። ለምን? ይህ ዕቃ እኮ ቀድሞውኑ በ110 እና በ115 ተሰልቶ ሲሸጥ የነበረ ነው። ባንኩ ገና እናንተ ያላችሁበት ዋጋ ላይ ሳይደርስ ምን የሚያስጨምር ነገር መጣ?

በዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን። በትክክል መጨመር የነበረባቸው ዕቃዎች አሉ። ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ በባንኩ ዋጋ ሲገቡ የነበሩ ናቸው፣ የእነሱ ወጪ በርግጥ አደገ። የጉምሩክ ቀረጥም የሚሰላው በባንኩ ምንዛሪ ነው፣ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የገባ ዕቃ በብር የሚከፈልበት ቀረጥ ከፍ አለ። ይህን የሚል ነጋዴ እውነቱን ነው። ግን መጋዘን ውስጥ ቀረጡ ተከፍሎ የተቀመጠው ዕቃ? እሱ ላይ የተጨመረው ዋጋ ከወሬ በቀር መሠረት የለውም።

አሁን ወደ ቆጣቢው ልምጣ። የእሱ ነገር ያንገበግበኛል። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ላይ ብር በ15 በመቶ ሲቀንስ ዶላር 27 ብር አካባቢ ገባ። ያኔ 100,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ አስተማሪ 3,700 ዶላር የሚያህል ገንዘብ ነበረው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። እስከ ነሐሴ 2016 ሳይነካው ቢቆይ፣ የወለዱን ግብር ትተን፣ 158 ሺህ ብር ገደማ ይሆንለታል። በዚያ ሰሞን በነበረው 108 ብር ሲመነዘር 1,500 ዶላር አይሞላም። «እኔ ዶላር አልበላም» ካለ ደግሞ ጤፉንና ዘይቱን ያስላ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ወለዱ ያው 7 ነበር።

ይህም ከምንዛሪ ቁጥጥሩ ጋር የተያያዘ ነው። ብር ወደ ውጭ መውጫ የለውም፣ ዶላር ገዝቶ መቆጠብም አይፈቀድም። መሄጃ የሌለው ገንዘብ ደግሞ ርካሽ ይሆናል። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት 27 በመቶ የሚያህል ገንዘብ የብሔራዊ ባንክ ቦንድ እንዲገዙበት ይገደዱ ነበር። ወለዱ ሲጀመር 3 በመቶ ብቻ ነው። ባንኩ በዚህ ዋጋ እያበደረ ለአስተማሪው ከየት አምጥቶ 20 በመቶ ይከፍለዋል?

ስለዚህ ቆጣቢው ቢናደድ ይገባኛል። ያልገባኝ መፍትሔ ብሎ የያዘው ነገር ነው። ከደላላ ዶላር ገዝቶ ፍራሽ ሥር መክተት። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ያንን ዶላር ስትገዙ የደላላውን ልዩነት ከፍላችኋል። ስትሸጡ ደግማችሁ ትከፍላላችሁ። ሐሰተኛ ኖት ቢሰጣችሁ ማንን ትከሳላችሁ? ነዋሪዎች አሁን የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ይችላሉ፣ ግን ከውጭ ለተላከ ገንዘብ፣ በምንዛሪ ለሚከፈል ደመወዝ ወይም ኪራይና ለመሰለው ገቢ ነው። ከደላላ የተገዛ ኖት ምንጩ ሲጠየቅ መልስ የለውም። ስለዚህ መውጫችሁም እንደገና ጥቁር ገበያው ብቻ ነው። እያንዳንዳችሁ የምትገዟት መቶ ዶላር ደግሞ ተደምራ ነገ የምትገዙትን ጎማና ዘይት ታስወድዳለች።

ለእናንተ ዘመድ ውጭ ላላችሁም የምለው አለኝ። ዱባይ ወይም ሪያድ ቤት ውስጥ የምትሠራውን እህታችሁን «በባንክ አትላኪ፣ በእገሌ ላኪ፣ ይበልጣል» የምትሏት እናንተ ናችሁ። ልዩነቱ እጥፍ በነበረበት ጊዜ በእሷ መፍረድ አይቻልም። ግን ገንዘቡ የት እንደሚሄድ እወቁ። ድርሃሟን እዚያው ዱባይ ለሰውዬው ትሰጣለች። እሱ አዲስ አበባ ላለው ባልደረባው ይደውላል፣ ባልደረባው ብር ያስረክባችኋል። ድርሃሙ ኢትዮጵያ አይመጣም። እዚያው ለአንድ አስመጪ ይሸጣል። አስመጪው የ40,000 ዶላር ዕቃ ገዝቶ ደረሰኙን 20,000 ያስብለዋል፣ ግማሹን በባንክ፣ ግማሹን በእህታችሁ ድርሃም ይከፍላል። ቀረጥም በግማሹ ይከፍላል። ወይም ደግሞ ከአገር ገንዘብ ለማሸሽ የፈለገ ሰው ይገዛውና እዚያው ቤት ይገዛበታል። በእሷ ድካም የሌላ ሰው ገንዘብ ከአገር ወጣ ማለት ነው።

ዛሬ ልዩነቱ እንደ ድሮው እጥፍ አይደለም። ጠቧል፣ አልጠፋም። በ2016ቱ ለውጥ ላኪው ከገቢው ግማሹን ለራሱ እንዲያስቀር ተፈቅዶለታል፣ ለብሔራዊ ባንክ የማስረከብ ግዴታው ተነሥቷል፣ የ38ቱ ዕቃዎች ክልከላም ቀርቷል። ስለዚህ የድሮው ሰበብ አብዛኛው ወድቋል። አስመጪዎች፣ ሙሉውን ዋጋ ደረሰኝ ላይ አጽፉ። በባንክ የተፈቀደላችሁን ዶላር በባንክ ዋጋ አስሉት፣ በደላላ ዋጋ አይደለም። ላኪዎች፣ ቡናን በኪሳራ መላክ አቁሙ። እናንተ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ እህታችሁ ከመላኳ በፊት የሁለትና የሦስት ባንክ ዋጋ ጠይቁ፣ ባንኮች አሁን አንድ ዓይነት ዋጋ አይሰጡም። በባንኩ ዋጋ ከምታገኙት ብር የገንዘብ አስተላላፊ ድርጅቱን ክፍያ ቀንሳችሁ ከደላላው ጋር አወዳድሩ። ልዩነቱ ጥቂት ብር ከሆነ፣ እሷን በባንክ ላኪ በሏት። በስሟ ሒሳብ ክፈቱላት፣ ስትመለስ የራሷ የሆነ፣ ምንጩ የሚታወቅ ገንዘብ ይኑራት።