ነጻ የተባለው ሰርቪስ ስንት ብር ነው?

«ደረሰኝ ቆርጫለሁ። ብሩም ሙሉውን አካውንቴ ገብቷል። ታዲያ ገቢው የዘንድሮ የማይሆነው ለምንድን ነው?» ይህን የጠየቁኝ ቡሬ ላይ የእህል ወፍጮ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው።

የሸጡትን ሁሉ ገና ስላላስረከቡ ነው፣ ጋሼ።

እሳቸው ግን አስረክቤያለሁ ባይ ናቸው። ማሽኑ ደምበጫ ከገዢው ግቢ ደርሷል፣ ገዢውም ፈርሞ ተቀብሏል። እውነት ነው። ውሉ ላይ ግን ከማሽኑ ሌላ ሁለት መስመር አለ። «ተከላ በነጻ» ይላል። «የሁለት ዓመት ሰርቪስ በነጻ» ይላል። የኔና የእሳቸው ክርክር ያለው እዚችው «በነጻ» የምትባል ቃል ላይ ነው።

አንድ ገበሬ በሬ ሲሸጥ «ሁለት ክረምት ደግሞ መጥቼ አርስልሃለሁ» ብሎ ቃል ገባ እንበል። ገዢው ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠው፣ በሬውንም ነድቶ ሄደ። ሻጩ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ጎጃም ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ «አለበት እንጂ!» ነው የሚላችሁ። ገዢው ያን ያህል ብር የከፈለው እርሻውንም አስቦ ነው። ወፍጮውም እንደዚያው ነው። ነጋዴው ሰርቪሱን «ነጻ» ያሉት ማሽኑን ለመሸጥ ነው እንጂ ሰርቪሱ ዋጋ ስለሌለው አይደለም። እንዲያውም ከሌላ ሻጭ ማሽን የገዛ ሰው ሲመጣባቸው ለዚሁ ሰርቪስ ያስከፍላሉ።

በአገራችን የሂሳብ ሪፖርት በዓለም አቀፍ ደረጃዎች እንዲዘጋጅ የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። እንዲህ ዓይነቱን ውል የሚመለከተው ደረጃ ደግሞ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ 15 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሐሳቡ ከበሬው ምሳሌ አይርቅም። በውሉ ውስጥ የተገባውን እያንዳንዱን ቃል ለይ። ጠቅላላውን ዋጋ አከፋፍልላቸው። እያንዳንዱ ቃል ሲፈጸም የራሱን ድርሻ ገቢ አድርግ።

የቡሬውን ውል በቁጥር እንየው። ለመቁጠር እንዲቀል ዋጋዎቹን ጠቅለል አድርጌያቸዋለሁ። ማሽኑ ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ 900,000 ብር ነው። ታክሱ 15 በመቶ፣ ማለትም 135,000 ብር ሲጨመር ገዢው የከፈለው 1,035,000 ይሆናል። ታክሱን ወደ ጎን አድርጉት። እሱ የመንግሥት ነው፤ ለነጋዴው አንድም ቀን ገቢ ሆኖ አያውቅም። የምናከፋፍለው 900,000ውን ነው።

ነጋዴው ማሽኑን ብቻውን ለሚገዛም የሚሸጡት በ900,000 ነው። ተከላ ብቻ ለሚፈልግ ሰው 40,000 ያስከፍላሉ። የሁለት ዓመት ሰርቪስ ብቻውን 60,000 ነው። ሦስቱ ተለያይተው ቢሸጡ 1,000,000 ብር ይመጣ ነበር። ገዢው የከፈለው ግን 900,000 ነው። ስለዚህ የ10 በመቶ ቅናሽ ተደርጎለታል ማለት ነው። ቅናሹ ሁሉንም በእኩል መቶኛ ይነካል። የማሽኑ ድርሻ 810,000፣ የተከላው 36,000፣ የሰርቪሱ 54,000 ይሆናል።

ነጋዴው እዚህ ላይ ነው የተቆጡት። «ማሽኔን በ810 ሺህ ሸጥህብኝ!» አሉኝ። አልሸጥኩም። የሸጡት እሳቸው ናቸው፣ «ነጻ» ያሉ ቀን።

ቀኖቹን ደግሞ እንይ። ውሉ የተፈረመው ግንቦት 2017 ነው። ማሽኑ ደምበጫ የደረሰው ሰኔ 10 ነው። ተከላው ግን የስሪ ፌዝ መስመር እስኪገባ ቆመ፤ ያለቀው ነሐሴ ላይ ነው። ሰርቪሱ የሚቆጠረው ከመስከረም 1 ቀን 2018 ነው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ደግሞ ሰኔ 30 ነው።

ስለዚህ ሰኔ 30 ቀን 2017 ላይ ገቢ የሚሆነው 810,000 ብቻ ነው። የማሽኑ ወጪም አብሮ ይሄዳል። የቀረው 90,000 ብር ባንክ ውስጥ አለ፣ በመዝገቡ ላይ ግን የሚቀመጠው በዕዳ በኩል ነው። በቅድሚያ የተሰበሰበ ገቢ የምንለው እሱን ነው። የገንዘብ ዕዳ አይደለም፤ የሥራ ዕዳ ነው። ነሐሴ ላይ ተከላው ሲያልቅ 36,000ው ከዕዳ ወጥቶ ገቢ ይሆናል። ያ በ2018 በጀት ዓመት ውስጥ ነው።

የሰርቪሱ 54,000 በአንድ ጊዜ አይወጣም። ውሉ «ሲበላሽ ጥሩን፣ እንመጣለን» ነው የሚለው። ገዢው የገዛው በማንኛውም ቀን ዝግጁ ሆኖ መጠበቅን ነው። ስለዚህ በ24 ወር እኩል ይከፈላል፣ በወር 2,250 ብር። (ጳጉሜን እንደ ደመወዝ አድርጋችሁ ከነሐሴ ጋር ቁጠሯት። ለአምስት ቀን ብሎ የሚጣላ ኦዲተር እስካሁን አልገጠመኝም።) ከመስከረም እስከ ሰኔ 10 ወር ስለሆነ በ2018 በጀት ዓመት 22,500 ገቢ ይሆናል። በ2019 በጀት ዓመት 27,000። የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት 4,500 ደግሞ ወደ 2020 ይሻገራሉ። ውሉ «በሁለት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ መጥተን እንፈትሻለን» ብቻ ቢል ኖሮ ግን በወር ሳይሆን በጉብኝት ቁጥር እናከፋፍለው ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሂሳቡ አይደለም። የሚሳሳተው ከዚያ በፊት ነው፦ በውሉ ውስጥ ስንት የተገባ ቃል አለ የሚለው ላይ። ተከላውን ለብቻው የለየሁት ውሉ ላይ በሌላ መስመር ስለተጻፈ አይደለም። ራሴን የጠየቅኩት «ይህን ወፍጮ ሌላ ሰው ሊተክለው ይችላል?» ብዬ ነው። ይችላል። ደብረ ማርቆስም ፍኖተ ሰላምም ወፍጮ የሚተክል ባለሙያ አለ። ገዢው ከፈለገ ማሽኑን ከእሳቸው ገዝቶ በሌላ ሰው ያስተክላል። ተከላው ማሽኑን ሌላ ነገር አያደርገውም። ስለዚህ ሁለቱ የተለያዩ ቃሎች ናቸው።

አሁን ደግሞ ሌላ ውል አስቡ። ሻጩ ለአንድ ዱቄት ፋብሪካ ሙሉ መስመር ይገጥማል። ማጠቢያው፣ መፍጫው፣ ማሸጊያው በቦታው ልክ ተቆርጦ ይሠራል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። ገዢው የገዛው የሚሠራ ፋብሪካ ነው እንጂ የብረት ክምር አይደለም። እዚህ ውስጥ ማሽኑንና ተከላውን መለየት ስህተት ነው። ሁሉም አንድ ቃል ነው። ብረቱ ግቢ ስለገባ ብቻ አብዛኛውን ዋጋ ገቢ ያደረገ ሰው ቸኩሏል።

ዋስትናም ከሰርቪስ ጋር ይምታታል። «በአንድ ዓመት ውስጥ የፋብሪካ ስህተት ከተገኘ እንቀይራለን» የሚለው ሰርቪስ አይደለም። የሸጥኩት ዕቃ ጤነኛ ነው ማለት ብቻ ነው። ለእሱ ከዋጋው ድርሻ አይቆረጥም፤ ሊያስወጣ የሚችለው ወጪ ተገምቶ መጠባበቂያ ይያዝለታል። ገዢው ራሱ ያበላሸውንም ቢሆን መጥተን እንጠግናለን፣ ቅባትና ቺንጋ እንቀይራለን ካላችሁ ግን ያ ሰርቪስ ነው።

«ሰርቪስ ለብቻው ሸጬ አላውቅም፣ ዋጋውን ከየት አመጣለሁ?» የሚልም አለ። ወጪውን ቁጠር ነው መልሱ። በሁለት ዓመት ቴክኒሻኑ ስንት ጊዜ ሊሄድ ይችላል? ትራንስፖርቱ፣ አበሉ፣ መለዋወጫው ስንት ነው? በዚያ ላይ የተለመደውን ትርፍህን ጨምር። ጎረቤት ነጋዴ ስንት እንደሚያስከፍል ማየትም ይቻላል። የማይቻለው «ማሽኑ 900 ሺህ ነው፣ ለሰርቪሱ የተረፈ የለም» ብሎ ዜሮ መስጠት ነው። የሌሎቹን ዋጋ ከጠቅላላው ቀንሶ ቀሪውን መስጠት የተፈቀደው ዋጋው ከገዢ ገዢ እጅግ ለሚለያይ ወይም ገና ላልተተመነ ነገር ብቻ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ስሌቱን መጠርጠር ነው።

ዜሮ መስጠት ምን እንደሚያመጣ በራሴ ላይ አይቻለሁ። ጀማሪ እያለሁ የአንድ አስመጪን መዝገብ እዘጋ ነበር። ሁሉንም ደረሰኝ በተቆረጠበት ቀን ገቢ አደረግኩት። ያ ዓመት ያማረ ትርፍ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት የቴክኒሻን አበልና ነዳጅ ወር በወር ይወጣል፣ ከፊት ለፊቱ ግን አንድ ብር ገቢ የለም። ኦዲተሯ መጥታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ስንት የሰርቪስ ውል በእጃችሁ አለ?» አሥራ አንድ አልኳት። «በቅድሚያ የተሰበሰበ ገቢ ሂሳባችሁ ለምን ዜሮ ሆነ?» ዝም አልኩ።

እኔም አሁን የማንንም መዝገብ ሳይ ከዚያ ነው የምጀምረው። ያላለቁ ውሎችን ቆጥሬ ከዕዳው ጋር አስተያያለሁ። የሰኔ ትርፍ ዘሎ የመስከረሙ ከወደቀም እጠረጥራለሁ።

የቡሬው ነጋዴ በመጨረሻ ልባቸውን ያራራው ሌላ ነገር ነው። ድርጅታቸው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለሆነ ከትርፉ 30 በመቶ ግብር ይከፍላል። የገቢ ግብር አዋጁም የሚነሳው በሂሳብ ደረጃዎቹ ከተዘጋጀው የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ነው። 90,000ውን ዘንድሮ ገቢ ቢያደርጉት የተከላውና የሰርቪሱ ወጪ ገና ስላልወጣ እስከ 27,000 ብር ግብር ቀድመው ይከፍላሉ። ገና ላልተከሉት ተከላ፣ ላልሄዱበት ሰርቪስ። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ግን ደረሰኙን ተከትሎ ይሄዳል፤ ይህን ሁሉ አይጠብቅም።

«ባንኩስ? ብድር ስጠይቅ ትርፌ አንሶ ያየዋል» አሉኝ። ያንሳል፣ በዚህ ዓመት። ውሎቹን አያይዘው ይውሰዱለት፣ የ90,000ው ሥራ ወዴት እንደሚሄድ ይታያል አልኳቸው። ብዙም ደስ አላላቸውም።

ባለፈው ሳምንት አዲሱን የውል ቅጻቸውን ላኩልኝ። «በነጻ» የምትለው ቃል ወጥታለች። ማሽን፣ ተከላና ሰርቪስ በየራሳቸው መስመር፣ በየራሳቸው ዋጋ ተጽፈዋል፤ ከሥር «ቅናሽ 10 በመቶ» ይላል። የሰርቪሱ መስመር ላይ ግን ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር አልጻፉም። ደውዬላቸዋለሁ።