ሐረጎን በደህና የወረደውስ?

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እስቲ ሁለት ጭነት የያዙ ኢሱዙዎችን አስቡ። የሁለቱም የፍሬን ሸራ አልቋል። ሾፌሮቹ ያውቃሉ፤ "ከዚህ ጉዞ በኋላ አስቀይረዋለሁ" ይላሉ። ሁለቱም ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው ቁልቁለቱን ለቀቁት። ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ መኪናውን አይዝም፤ ክብደቱን ሁሉ ፍሬኑ ይሸከመዋል። ይግላል፣ ሸራው ይሸታል፣ ከዚያ ቢረግጡትም እምቢ ይላል።

አንደኛው ኮምቦልቻ ገብቶ ቡናውን ጠጣ። ሁለተኛው ፊት ግን ኩርባው ላይ ፍየል የሚነዳ ልጅ ወጣ። ልጁ ሞተ።

ሁለተኛውን "ነፍሰ ገዳይ" ትሉታላችሁ። የመጀመሪያውን ደግሞ "ሐረጎን የለመደ ሾፌር" እያላችሁ ቡና ትጋብዙታላችሁ። ጥፋታቸው እኮ አንድ ነው! ልጁ በዚያች ደቂቃ መንገድ ላይ እንዲወጣ ያደረገ ሾፌር የለም። ፈላስፎቹ በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን "የሞራል ዕድል" ብለው አከራክረውበታል። ኔግል ፍሬኑን ሳያስፈትሽ የነዳ ሾፌርን ራሱ በምሳሌነት አንስቷል።

ሕጉም ውጤት ያያል። የወንጀል ሕጋችን በቸልተኝነት ሰው የገደለን በአንቀጽ 543 ይቀጣል፤ የመጀመሪያው ሾፌር ግን ቢያዝም የትራፊክ ቅጣቱን ከፍሎ ይሄዳል። በዚህ ሕጉን አልወቅስም። አስከሬን አለ፣ ያዘነች እናት አለች፤ ደግሞም የየመኪናውን ፍሬን ፈትቶ የሚያይ መንግሥት የለም። እናንተ ግን ሾፌሩን ታውቁታላችሁ፣ አብራችሁት ትበላላችሁ።

የባሰው ሌላ ነው። ፍሬኑን አስፈትሾ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲወርድ ልጅ ዘሎ የገባበትንም "ነፍሰ ገዳይ" ነው የምትሉት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ይህ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሽማግሌ ይልካል። ባይሄድ እኔም እታዘበዋለሁ፤ ልጁ የሞተው በእሱ መኪና ነውና። ዊሊያምስም ያለው ይህንኑ ነው፦ እንዲህ ያለው ሾፌር ከዳር ቆሞ ካየው ሰው የተለየ ጸጸት አለው፣ ሊኖረውም ይገባል። ግን ጸጸትና ጥፋት ለየቅል ናቸው።

አደጋ ስትሰሙ "ፍሬኑ እንዴት ነበር? በስንተኛ ማርሽ ወረደ?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ያባት ነው። መልሱን ሳትሰሙ ግን አትፍረዱ። ይህንኑ ጥያቄ በደህና የገባውንም ጠይቁት፤ እሱን ማንም አይጠይቀውም።

ደግሞ እናንተ የሚኒባስ ተሳፋሪዎች! ሸራው ሲሸታችሁ መስኮት ከፍታችሁ ዝም ትላላችሁ፤ ኮምቦልቻ ስትደርሱ "አንበሳ!" ብላችሁት ትወርዳላችሁ። እዚያው ቁልቁለቱ ላይ "ወራጅ አለ!" በሉ እንጂ።