ጠዋት ነው ማታ? ምናለ ብትጽፉት!

ሰፈራችን ያለው ሱፐርማርኬት ለእድሳት ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ተዘግቶ ነበር፣ እማዬ ለወተቱም ለዳቦውም አስፋልት ተሻግራ ዳገት ወጥታ ነው ስትገዛ የከረመችው፣ ጉልበቷን ደግሞ ያማታል። ሐሙስ ማታ ማስታወቂያቸው ቴሌግራም ላይ ሲመጣ እኔው ነኝ ጮክ ብዬ ያነበብኩላት። "እድሳታችንን ጨርሰን ቅዳሜ በአዲስ መልክ እንከፍታለን፣ አዲሱ የሥራ ሰዓታችን 8:00 - 2:00፣ ለመጀመሪያዎቹ 50 ደንበኞች የጨርቅ ዘንቢል በስጦታ" ይላል። በቃ ይሄው ነው። ጠዋት የለ፣ ማታ የለ።

እማዬ 8 ሰዓት ከተባለች ከምሳ በኋላ ነው የምታውቀው፣ እኔም እንደዛው ነው የገባኝ፣ ከሰዓት ከፍተው ማታ 2 ሰዓት ይዘጋሉ አልን። ቅዳሜ ሁለተኛውን ቡና እንኳን ሳትጠጣ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፣ ከ50ዎቹ ውስጥ እገባለሁ ብላ፣ ፌስታል ክልክል ነው ከተባለ ወዲህ ደህና ዘንቢል ስትፈልግ ነበር። ስትደርስ ሱቁ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው፣ ዘንቢሉ 4 ሰዓት እንኳን ሳይሞላ አልቋል። ካሸሯ "ማዘር፣ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል እኮ" አለቻት። እማዬ ዝም ብላ ወተቷን ይዛ ተመለሰች፣ "እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁት" እያለች፣ እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው!!

ማታ ሄጄ ጠየቅኩ። መክፈቻውን የገለበጡት ጎግል ማፕ ላይ ከሞሉት ነው፣ እዛ በፈረንጅ ሰዓት 8:00 ይላል፣ የኛ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። መዝጊያውን ግን ሁሌ እንደሚሉት በኛ አቆጣጠር 2:00 ብለው ጻፉት። አንዱ በፈረንጅ አንዱ በሀበሻ! ሱቁ 12 ሰዓት ሙሉ ክፍት ነው፣ ማስታወቂያው ግን በኛ ብታነቡት ከቀኑ 8 እስከ ማታ 2፣ በፈረንጅ ብታነቡት ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 8፣ በየትም በኩል 6 ሰዓት ብቻ ነው የሚወጣው፣ ሁለቱም ልክ አይደለም። በፈረንጅ ያነበበ ሰው ከሥራ ወጥቶ 12 ሰዓት ላይ በበሩ ሲያልፍ ተዘግቷል ብሎ ቀና ብሎም አያይም።

እባካችሁ፣ የፈለጋችሁትን አቆጣጠር ተጠቀሙ ግን ሁለቱንም በአንድ ጻፉና ከፊቱ ቃል ጨምሩ፣ "ከጠዋቱ 2:00 እስከ ምሽቱ 2:00" ካላችሁ ማንም አይሳሳትም። ስጦታ ካለው ደግሞ ስንት ሰዓት መታደል እንደሚጀምር ለብቻው ይጻፍ፣ ሰው ለዛ ብሎ ነው እኮ ከቤቱ የሚወጣው።

ይሄንኑ በኢንቦክስ ጻፍኩላቸው፣ "እናመሰግናለን፣ እናስተካክላለን" አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ በሩ ላይ የለጠፉት ወረቀት አሁንም 8:00 - 2:00 ይላል፣ አንድ አባት ቆመው እያነበቡት ነበር፣ ነግሬያቸው አለፍኩ።