ቀጥ ያለውን መስመር ኤሌክትሪክ አያስነሳውም

«ድራማ ላይ የልብ ሞኒተሩ መስመር ቀጥ ሲል ታማሚውን በኤሌክትሪክ መትተው ያስነሱታል። እውነትም እንደዚያ ነው እንዴ?»

አይደለም። የሆስፒታል ድራማዎች ከሚሠሩት ስህተት ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው።

አንዳንዴ ልብ ሳይቆም ይተራመሳል። ጡንቻው ዝም ብሎ ይርገበገባል እንጂ ደም አይረጭም። ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን ይባላል፤ ሞኒተሩ ላይ መልክ የሌለው የተዘበራረቀ ሞገድ ሆኖ ይታያል። የኤሌክትሪኩ ምት ያንን ትርምስ በአንዴ ጸጥ ያደርገዋል። ከዚያ የልብ የራሱ ምት ሥራውን መልሶ ሊረከብ ይችላል። መስመሩ ቀጥ ካለ ግን ጸጥ የሚደረግ ትርምስ የለም።

ታዲያ ቀጥ ሲል ምን ይደረጋል? ታማሚው የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መጫን ወዲያው ይጀመራል። ጎን ለጎን አንድ ሰው ገመዶቹን ያያል፤ የተነቀለ ገመድም ቀጥ ያለ መስመር ያሳያልና። በየ3 እስከ 5 ደቂቃው 1 ሚሊግራም አድሬናሊን በደም ሥር ይሰጣል። በዚህ መሀል ምክንያቱ ይፈለጋል፦ ኦክስጅን አጥቶ ነው? ደም ፈሶት ነው? ፖታሲየሙ አሻቅቦ ነው?

ቃላቱን በተመለከተ ድራማዎቹን አልወቅስም። «ሁላችሁም ራቁ!» የሚለው ጩኸት እውነተኛ ነው፤ ታማሚውን የነካ ሰው ሊመታ ይችላል። ችግሩ ትክክለኛው ቃል የሚነገረው በተሳሳተው ሰዓት መሆኑ ነው።

የተዋናዩን ክንድ ልብ ብላችሁ እዩት። ክርኑ ታጥፎ ደረቱን ዳበስ ዳበስ ያደርጋል። በጤነኛ ተዋናይ ላይ ከዚያ በላይ መጫን አይቻልም፣ ይገባኛል። በእውነት ሲሠራ ግን ክርን አይታጠፍም። የአዋቂ ደረት ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ወደ ታች ይገፋል፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። የጎድን አጥንት ሲሰበር እጅህ ላይ ይሰማሃል። ጉልበት ስለሚጨርስ በየ2 ደቂቃው ሰው ይቀያየራል።

በ1996 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሦስት የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችን መርምሮ ነበር። እዚያ ልባቸው ከቆመባቸው ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ድነው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በእውነቱ ዓለም፣ ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ እንኳ፣ ድኖ የሚወጣው ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ቢሆን ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ቤተሰብ ነው። በጠና የታመመ አባታቸው ልቡ ቢቆም ምን እንደሚሻል ሐኪም ሲያማክራቸው፣ ልጆቹ አእምሮ ውስጥ ያለው ያ በአንድ ምት ብድግ የሚለው ታማሚ ነው። የተሰበረ አጥንትና ረጅም የማሽን ላይ ቆይታ አይታያቸውም።

የድራማ ጸሐፊዎችን የምለምነው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ኤሌክትሪኩ እንዲመታ ከፈለጋችሁ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀጥ ያለ መስመር በተዘበራረቀ ሞገድ ቀይሩት። ትዕይንቱ ምንም አይጎድልበትም።