የቅጣት መልእክት ሲመጣ ሊንኩን ትታችሁ መዝገቡን እዩ

«የትራፊክ ቅጣት አለብህ፣ ዛሬ ካልከፈልክ እጥፍ ይሆናል የሚል ቴክስት ደረሰኝ። ሊንክም አለው። ልክፈል ወይስ ዝም ልበል?»

ሁለቱም አያዋጣም። ከከፈላችሁ ገንዘቡ ሌባ እጅ ሊገባ ይችላል። ዝም ካላችሁ ደግሞ ቅጣቱ እውነተኛ ሆኖ ይገኝና የመቃወሚያው ቀን ያልፋል፣ ጭማሪም ይመጣል። ብዙ ሰው መልእክቱን እያገላበጠ «ይሄ እውነት ይሆን?» ይላል። እኔ ግን ማጣራት ያለበት መልእክቱ ነው ብዬ አላምንም። ማጣራት ያለባችሁ በታርጋችሁ የተመዘገበ ቅጣት መኖር አለመኖሩን ነው። መልእክት ማንም አስመስሎ ይጽፋል። የቅጣት መዝገቡ ያለው ግን የቀጣው መሥሪያ ቤት ዘንድ ነው።

መልእክቱን ብቻ አይቶ መለየት ለምን እንደሚያስቸግር አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቴክስት የሚልክ ሰው በስልክ ቁጥሩ ፋንታ ስም እንዲታይ ማድረግ የሚችልባቸው ብዙ አገሮች አሉ። አጭበርባሪው የመሥሪያ ቤቱን ስም ይጽፋል። ስልካችሁ ደግሞ መልእክቶችን የሚያሰባስበው በላኪው ስም ነው። ስለዚህ የሐሰቱ መልእክት ከዚህ በፊት ከትክክለኛው መሥሪያ ቤት ከመጡት ሥር ተሰልፎ ቁጭ ይላል። ያንን ያየ ሰው ቢያምን አይፈረድበትም።

ሊንኩም እንዲሁ ነው። ይህንን ተመልከቱ፦

`https://traffic.gov.fine-pay.example/notice`

ዓይን ቶሎ የሚያርፈው «gov» ላይ ነው። ነገር ግን የድረ ገጹን ባለቤት የሚነግራችሁ ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር በፊት በመጨረሻ ያለው ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ `fine-pay.example` ማለት ነው። ከሱ በፊት ያለውን ባለቤቱ እንዳሻው ይጽፈዋል። የቁልፍ ምልክቱና `https` የሚሉትም መስመሩ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ የገጹ ባለቤት ማን እንደሆነ አይናገሩም። ሌባም ያወጣቸዋል።

ሊንኩን የተጫነ ሰው ምን ያጋጥመዋል? ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ገጹ ታርጋ ቁጥር ያስገቡ ይላል። ያስገባል። ትንሽ ያስጠብቀውና «1 ያልተከፈለ ቅጣት ተገኝቷል» ይለዋል። የሌለ ታርጋ ቢያስገባም መልሱ ያው ነበር። የሚጠየቀው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ሰው «ከፍዬ ልገላገል» እንዲል ሆን ተብሎ ነው። ከዚያ የካርድ ቁጥር ይሞላል። ወዲያው ከባንኩ የማረጋገጫ ኮድ ይመጣለታል፣ ገጹም ኮዱን ያስገቡ ይላል።

እዚህ ቦታ ላይ ቆም በሉ። ብዙዎቹ አጭበርባሪዎች ያችን ትንሽ ገንዘብ አይፈልጓትም። የሚፈልጉት ካርዱን ነው። በዚያው ቅጽበት የካርዱን ቁጥር በራሳቸው ስልክ የክፍያ ዋሌት ላይ፣ ማለትም ስልኩን እንደ ካርድ በሚያስከፍለው መተግበሪያ ላይ፣ እየመዘገቡ ነው፤ ምዝገባውን የሚጨርስላቸው ደግሞ ያ ኮድ ነው። ባንኩ የላከው መልእክት ብዙ ጊዜ ኮዱ ለምን እንደሆነ ይናገራል፦ «ካርድዎን ወደ ዋሌት ለመጨመር»። ሰው ግን ስድስቱን ቁጥር ብቻ አይቶ ይቀዳል፣ ጽሑፉን አያነብም። ለቅጣት እየከፈላችሁ ነው ተብላችሁ ኮዱ ስለ ዋሌት ካወራ፣ ወይም የተጻፈው የገንዘብ መጠን ሌላ ከሆነ፣ ኮዱን አትስጡ።

የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 «ያልተከፈለ የመንገድ ክፍያ አለብዎት» ስለሚሉ የሐሰት ቴክስቶች ሲያስጠነቅቅ፣ ከማርች መጀመሪያ ወዲህ ብቻ ከ2,000 በላይ አቤቱታ ደርሶት ነበር። የትራፊክ ቅጣቱም መንገድ ያው ነው።

በፖስታ የመጣ ወረቀትም ከዚህ አያመልጥም። ማኅተምና አርማ ማተም ቀላል ነው። ታርጋችሁንም መንገድ ላይ ያለፈ ሁሉ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በአሜሪካ ኦስቲን ከተማ የመኪና ማቆሚያ መክፈያ ማሽኖች ላይ የሐሰት ኪውአር ኮድ ተለጥፎ ተገኝቷል። ወረቀት ላይ ማተም ከዚያ አይከብድም። ስለዚህ ኪውአሩን ስካን አታድርጉ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክም አትደውሉ። ከወረቀቱ የምትወስዱት የማሳወቂያውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የጥፋቱን ዓይነት ብቻ ነው። እነዚህ ከሌሉ በጣም ተጠራጠሩ። እውነተኛ ማሳወቂያ ቅጣቱን እንዴት መቃወም እንደሚቻልም አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል። ሌባ ግን እንድትቃወሙት አይፈልግም፤ ቶሎ እንድትከፍሉት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከዚያ የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ከሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ለምሳሌ ከመንጃ ፈቃዳችሁ፣ ከመኪናው ምዝገባ ወረቀት ወይም ካለፈ ደረሰኝ። አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት። ጎግል ላይ ፈልጋችሁ የመጀመሪያውን አትጫኑ፤ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። ድረ ገጽ ከሌለው ወይም ከተጠራጠራችሁ ቢሮው ድረስ ሂዱ። ታርጋውንና የማሳወቂያውን ቁጥር ሰጥታችሁ መዝገቡን አስፈልጉ። ቅጣቱ ካለ ቀኑንና ቦታውን ከራሳችሁ ጋር አመሳክሩ፤ ፎቶ ካለም አሳዩኝ በሉ። መኪናውን ያን ጊዜ ሸጣችሁ ከሆነ ወይም ሌላ ሰው ይነዳው ከነበረ ከመክፈላችሁ በፊት ተናገሩ። በብዙ ቦታ ከፍሎ ጨርሶ መከራከር ከባድ ነው።

ክፍያው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ባስታወቀው መንገድ ብቻ ይሁን፤ በድረ ገጹ፣ በባንክ ወይም በቢሮው ገንዘብ ተቀባይ። ከመላካችሁ በፊት የተቀባዩን ስም አንብቡ። የግለሰብ ስም ከሆነ፣ የጠየቀው ዩኒፎርም የለበሰ ቢሆንም እንኳ፣ አትላኩ። የማሳወቂያ ቁጥሩን በትክክል ሙሉ፣ አለበለዚያ ገንዘቡ ይገባና ቅጣቱ ሳይሰረዝ ይቀራል። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሳችሁ «ተከፍሏል» ማለቱን እዩ። ደረሰኙንም አትጣሉ።

አንድ ነገር ግን አሽከርካሪው ብቻውን የሚሸከመው መሆን የለበትም። ቅጣት በቴክስት የሚልኩ መሥሪያ ቤቶች ሊንክ መላካቸውን ማቆም አለባቸው። ራሳቸው ሊንክ እየላኩ ሕዝቡን «ሊንክ አትጫኑ» ማለት አያስኬድም። የማሳወቂያ ቁጥሩን ይላኩ፣ «በድረ ገጻችን ወይም በቢሯችን ያረጋግጡ» ይበሉ፣ በቃ። ያኔ ሊንክ ይዞ የመጣ መልእክት ሁሉ ሐሰት መሆኑን ማንም ሰው ያውቀዋል።

የካርዱን ቁጥርና ኮዱን ቀድማችሁ ከሰጣችሁ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ለባንኩ አሁኑኑ ደውሉ። ካርዱን ዝጉልኝ ብቻ አትበሉ። ማንኛውም ዋሌት ላይ ተመዝግቦ እንደሆነ አይተው እንዲያወጡት ጠይቁ። ካርዱ ሲቀየር ዋሌቱ ላይ ያለው አብሮ ሊታደስ ይችላልና።

መዝገቡ ላይ ምንም ካልተገኘ ደግሞ መልእክቱን ወዲያው አታጥፉት። የካሜራ ቅጣት ለመመዝገብ ቀናት ሊወስድበት ይችላል። ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡ፣ የጠየቃችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁትን ሠራተኛ ስም ጻፉ፣ ከሳምንት በኋላም ደግማችሁ ጠይቁ።