ማስተካከያ፦ ስለ ዕቃ ግዢ በጀቱ ጠቅላላ ድምር

ቀደም ሲል በላክነው ሠንጠረዥ ላይ «የ4ቱ ዕቃዎች ጠቅላላ ወጪ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 103,000 ብር ነው» ተብሎ የተገለጸው ስሕተት ሲሆን፣ ትክክለኛው ድምር 115,000 ብር ነው።

የታክሱ መጣኔ 15% በሴል F1 ብቻ ተጽፎ ሳለ፣ በD2 የገባው ፎርሙላ የሚከተለው ነበር፦

```
=B2*C2*(1+F1)
```

ፎርሙላው ወደ ታች ሲገለበጥ F1 በየረድፉ ወደ F2፣ F3 እና F4 ተቀየረ፤ እነዚህ ሴሎች ባዶ ስለነበሩና ኤክሴል ባዶ ሴልን በስሌት ውስጥ እንደ ዜሮ ስለሚቆጥር፣ ምንም የስሕተት ምልክት ሳይታይ 3ቱ ዕቃዎች ያለ ታክስ ተደመሩ። ታክሱ የታሰበው በመጀመሪያው ዕቃ 20,000 ብር ላይ ብቻ ሲሆን፣ የቀሪዎቹ 80,000 ብር ታክስ የሆነው 12,000 ብር ጎድሏል። የሚያስቆጨው፣ ከመላካችን በፊት በእጅ አስልተን ያመሳከርነው ትክክል የነበረውን የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ መሆኑ ነው።

አሁን D2 እንደሚከተለው ታርሞ እስከ D5 እንደገና ተገልብጧል፦

```
=B2*C2*(1+$F$1)
```

የቀድሞው ቅጂ በእጃቸው ያለ ሰዎች D5ን ሲጫኑ በፎርሙላው ውስጥ F4 ካዩ፣ ያ ቅጂ ያልታረመው ነው።